«አንዱን ብቻ ይምረጡ»

ባለፈው ዓመት ለአንድ ድርጅት የሠራተኞች መመዝገቢያ ሲስተም ስሠራ አንድ ቦታ ላይ ተያዝኩ። ደንበኛው የላከልን የወረቀት ፎርም ላይ «ብሔር» የሚል መስመር አለ። ወረቀት ላይ ሲሆን ችግር የለውም፤ ሰው የመሰለውን ይጽፍበታል። እኔ ግን ወደ ዳታቤዝ ልለውጠው ነውና እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

```
ethnicity VARCHAR(50) NOT NULL
```

በአማርኛ ሲተረጎም፦ ለአንድ ሰው አንድ መልስ፤ ባዶ መተው አይቻልም። ከዚያ ሲስተሙን ለመሞከር የራሴን መረጃ ማስገባት ጀመርኩ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ። ብሔር ጋ ስደርስ ቆምኩ።

አባቴ ኦሮሞ ነው፤ እናቴ አማራ ናት። የቀበሌ መታወቂያ ሳወጣ ጸሐፊዋ «የአባትህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝና የነገርኳትን ጻፈች። ታላቅ እህቴ ሌላ ቀበሌ ስታወጣ ግን ስለ አባቷ የጠየቃት የለም። «ብሔር?» ሲሏት አፏ ላይ የመጣላትን፣ የእናታችንን፣ ተናገረች። ከአንድ አባትና እናት ተወልደን፣ ከአንድ ትሪ በልተን አድገን፣ መታወቂያችን ላይ የሁለት ብሔር ሰዎች ነን። ቤት ውስጥ ለዓመታት ስንስቅበት ኖረናል። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም፤ እኔ ራሴ የማልገባበትን ሳጥን የሠራሁት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል መፍትሔ ነበር፦ «ቅይጥ» የሚል አንድ አማራጭ ጨምሬ መገላገል። ደግነቱ ከመጨመሬ በፊት ይህንኑ ነገር ረጅም ጊዜ የሞከረ አገር ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአስር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለቆጣሪዎቹ የተሰጠው መመሪያም ተቀምጧል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የአንድ ፎርም ሁሉም ቨርዥኖች እንደማግኘት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አጎቴ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ሚስቱ ነጭ አሜሪካዊት ናት፤ አንዲት ልጅ አለቻቸው። እስኪ ይህችን የአጎቴን ልጅ፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ ነጭ የሆነችውን፣ በየዘመኑ ፎርም ውስጥ እናሳልፋት።

በ1850 ብትቆጠር ኖሮ «ሙላቶ» ትባላለች። ቃሉ የጥቁርና የነጭ ክልስ ማለት ሲሆን ቆጠራው ውስጥ የገባው በዚያ ዓመት ነው። ጠያቂና መላሽ የሚባል ነገር የለም፤ ቆጣሪው ደጅ ላይ ቆሞ ያያትና የታየውን ፊደል ይጽፋል።

በ1890 ነገሩ ወደ ክፍልፋይ ሄደ። ከስምንት እጅ ሦስት እስከ አምስት ጥቁር ደም ያለው ሙላቶ፣ ከአራት እጅ አንድ ያለው ኳድሩን፣ ከስምንት አንድ ወይም ጥቂትም ቢሆን ያለበት ኦክቶሩን፣ ከአራት እጅ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ያለው ጥቁር ተብሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ። የአጎቴ ልጅ ግማሽ ስለሆነች አሁንም ሙላቶ ናት። ግን አስቡት፤ ቆጣሪው የማንንም ቅድመ አያት አያውቅም፤ መለኪያም አልያዘም። የያዘው ዓይኑን ብቻ ነው። በዓይን የሚገመት ነገር ላይ ክፍልፋይ ስለተጻፈበት ልኬት አይሆንም። በሚቀጥለው ቆጠራ እነዚህ ክፍልፋዮች ቀሩ።

በ1930 ሙላቶ የሚለውም ለመጨረሻ ጊዜ ተሰረዘ። አዲሱ መመሪያ የነጭና የጥቁር ክልስ የሆነ ሰው ሁሉ፣ የጥቁር ደሙ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ጥቁር ተብሎ ይጻፍ የሚል ነው። በብዙ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ መጋባት በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነበር። ክልከላውን ለማስከበር የሚፈልግ መንግሥት መሐል ላይ የቆመ ሰው አያስፈልገውም፤ መስመሩ ግልጽ መሆን አለበት። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ጥቁር ሆነች፤ እናቷ ከመዝገቡ ጠፉ።

በ1967 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን የጋብቻ ክልከላ ሻረ። ቆጠራውም በ1970 በአብዛኛው በፖስታ ቤት በኩል የሚላክ ሆነ፤ ሰው ራሱ ይሞላል። አሁን ነጻ ወጣች ትላላችሁ። ግን ፎርሙ አሁንም አንድ መልስ ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዱን መምረጥ ላልቻለ ሰው የቆጠራ ቢሮው የራሱ ደንብ ነበረው፦ በ1970 የአባትየው ዘር ይያዝ፤ በ1980 ደግሞ የእናትየው ይያዝ። እኔ ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ያቺው ልጅ፣ በዚያው ቤት፣ ከእነዚያው ወላጆች፣ በ1970 ጥቁር ናት፤ በ1980 ነጭ። እሷ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ሰው የማያየው አንድ የደንብ መስመር ነው። የእኔና የእህቴ መታወቂያ ታሪክ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ቀበሌ የ1970ን ደንብ ይዞ፣ ሌላው ምንም ደንብ ሳይዝ።

በ1990ዎቹ የክልስ ልጆች ወላጆች ይህን ነገር ወደ አደባባይ አወጡት። ከመካከላቸው ሱዛን ግራሃም የምትባል የጆርጂያ እናት በ1993 ኮንግረስ ፊት ቀርባ ልጇ በቆጠራው ነጭ፣ በትምህርት ቤቱ ጥቁር፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ክልስ እንደሆነ ተናገረች። ጥያቄዋ «ክልስ» የሚል ሳጥን ይጨመር ነበር። እኔ በኮዴ ላደርገው ያሰብኩትን ማለት ነው።

የተቃወሟት ዘረኞች ብቻ አልነበሩም። ዋና ዋናዎቹ የጥቁሮች መብት ድርጅቶችም ተቃወሙ። ምክንያታቸው ተራ አልነበረም። በቅጥር፣ በቤት ኪራይና በምርጫ ክልል አከላለል ላይ አድልዎ መኖሩን ማሳየት የሚቻለው በቁጥር ነው። ከጥቁር ሳጥን ወጥቶ «ክልስ» ውስጥ የገባ ሰው ፍርድ ቤት ከሚቀርበው ቁጥር ውስጥ ይጎድላል፤ ቤት የሚያከራየው ሰውዬ ግን አሁንም እንደ ጥቁር ነው የሚያየው። ሌላም ጉድለት አለ፦ «ክልስ» የሚለው ቃል ከምንና ከምን እንደሆነ አይናገርም። የአጎቴን ልጅና የጃፓንና የሜክሲኮ ልጅ የሆነውን ጎረቤቷን አንድ ቡድን ያደርጋቸዋል።

በጥቅምት 1997 የተደረሰበት ውሳኔ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ አዲስ ሳጥን አይጨመርም፤ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ምልክት ያድርጉ» ይባላል። በ2000 ቆጠራ 6.8 ሚሊዮን ሰው፣ ከሕዝቡ 2.4 በመቶ፣ ከአንድ በላይ መረጠ። ፎርሙ ላይ ያሉት ስድስት የዘር ምድቦች ሲጣመሩ 63 ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ለዴቨሎፐር ይህ ንጹሕ መፍትሔ ነው፤ ነጠላ መልስ የነበረው ዝርዝር ሆነ።

ግን ታሪኩ እዚህ አላለቀም፤ እኔም የተማርኩት ከዚህ በኋላ ካለው ነው። 63 ዓይነት መልስ የያዘ ሠንጠረዥ ይዞ ማንም ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ እንደገና ማጠፍ መጣ። የፌደራል መንግሥቱ በ2000 ባወጣው መመሪያ፣ አድልዎን ለመቆጣጠር ሲባል ነጭንና አንድ ሌላ ዘርን የመረጠ ሰው በሌላው ዘር ይቆጠራል። ለትምህርት ቤቶች የወጣው ደንብ ደግሞ ሁለት ሳጥን የመረጠ ተማሪን «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዘር» በሚል አንድ ምድብ ያስገባዋል፤ ራሱን ሂስፓኒክ ያለ ከሆነ ግን የመረጠው ዘር ምንም ይሁን በሂስፓኒክ ብቻ ሪፖርት ይደረጋል። የአጎቴ ልጅ እንግዲህ ጥቁርም ነጭም ብላ ሁለት ምልክት ታደርጋለች። ለመብት ቁጥጥር ስትቆጠር ጥቁር ናት። የትምህርት ቤቷ ሪፖርት ላይ ግን ጥቁርም ነጭም አይደለችም፤ ግራሃም የጠየቀችው ዓይነት ሳጥን ውስጥ ናት።

2020 ላይ ደግሞ ነገሩ በግልጽ ወደ እኔ ሙያ መጣ። ጥቁርና ነጭ ከሚሉት ሳጥኖች ሥር በ2010 ያልነበረ መጻፊያ ቦታ ተጨመረ። ጥቁር በሚለው ሥር ለምሳሌ ከተጠቀሱት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። የጽሑፉ አያያዝም ተለወጠ። በ2010 ሲስተሙ ከተጻፈው የሚይዘው የመጀመሪያዎቹን 30 ፊደላት ነበር፤ ከዚያም ቢበዛ ሁለት መልስ ያወጣ ነበር። በ2020 እስከ 200 ፊደላት ይዞ እስከ ስድስት መልስ ማውጣት ጀመረ። «ጥቁር» ብቻ ላይ ምልክት አድርጎ ከሥሩ «ኢትዮጵያዊ፣ ጀርመን» ብሎ የጻፈ ሰው ጥቁርና ነጭ ተብሎ ይመዘገባል። ከአንድ ዘር በላይ ያላቸው ሰዎች ቁጥር በ2010 ከነበረበት 9 ሚሊዮን ወደ 33.8 ሚሊዮን ዘለለ። በአስር ዓመት ያን ያህል ክልስ ልጅ አልተወለደም። ቢሮው ራሱ የጥያቄው አቀራረብና የኮድ አሰጣጡ መለወጥ ለጭማሪው ድርሻ እንዳለው ገልጿል።

ስለዚህ ያ ጥያቄዬ ተለወጠ። ሰው የሚታጠፈው ፎርሙ ላይ ብቻ ሳይሆን ቆጠራው ውስጥ፣ ማንም በማያየው ደንብ ነው። ሳጥኑን ብታሰፋውም ከኋላው አንድ ሰው ተቀምጦ «ይህቺን የት እናስገባት?» ይላል፤ መልሱም ቁጥሩ ለምን እንደተፈለገ ይከተላል። አድልዎን ለመከታተል ከሆነ የሚያስፈልገው ሌሎች እንዴት እንደሚያዩህ ነው። ሰውዬው ራሱን ማን እንደሚል ለማወቅ ከሆነ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ደንብ ያስፈልጋል። ለሁለቱም አንድ ሳጥን አይበቃም።

በማግሥቱ ደንበኛውን «ይሄን መረጃ ለምንድን ነው የምትፈልጉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ድሮም ፎርሙ ላይ ስላለ ነው» አሉኝ። ሪፖርት አይወጣበትም፤ የሚያየውም የለም። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ እንኳ ብሔር እንደማይጠይቅ ነገርኳቸውና መስመሩን ለማጥፋት ተስማሙ። ማጥፋት ሁልጊዜ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅጥር ላይ አድልዎ መኖሩን ማጣራት ቢፈልጉ ኖሮ መጠየቅ ነበረብን፤ ያኔ ግን ከአንድ በላይ መምረጥ የሚቻልበትን ሠርቼ፣ መልሱ እንዴት እንደሚቆጠር እዚያው ፎርሙ ላይ እጽፍ ነበር።

ለእህቴ ይህን ሁሉ ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ አሁን ብሔራችን ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የጠየቀሽ ሰው ለምን እንደፈለገው መጀመሪያ ጠይቂው» አልኳት።