የጎንደሩ ደብተርና ባለቤቱ

ሐምሌ 1 ቀን 1932 አንድ የፈረንሣይ የጥናት ጓድ ጎንደር ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጓዱ ከዳካር ተነሥቶ የአፍሪካን ወገብ በማቋረጥ ወደ ጂቡቲ የሚጓዝ ሲሆን፣ መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባል ነበር። ድንኳኑን የተከለው በኢጣሊያ ቆንስላ ግቢ ውስጥ ነው። ያ ግቢ የማን ዓይንና ጆሮ እንደ ነበረ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1935 የመጣው ወረራ ለሁሉም ገልጦታል፤ በዚያች ሐምሌ ግን ከድንኳኑ በአንደኛው ውስጥ ተቀምጦ የውሎውን ማስታወሻ ይጽፍ የነበረው የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስለሚመጣው ነገር የሚያውቀው አልነበረም። ስሙ ሚሼል ሌሪስ ነው። በሙያው ገጣሚ፣ በጓዱ ውስጥ ግን ጸሐፊና ሰነድ ያዥ ነበር።

ይህ ሰው ጎንደር ላይ የጻፈውን ደብተር በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ አንብቦታል። ካነበበውም በኋላ ስለ ቀድሞው ማንነቱ ጽፏል። የዛሬው ጽሑፌ የሚመረምረው ጉዞውን ሳይሆን ይህንኑ መልሶ ማንበቡን ነው።

በመጀመሪያ ደብተሩ ምን ዓይነት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥናት ጓዱ ሥራ ዕቃ መሰብሰብ፣ ቋንቋና ሥርዓት መመዝገብ ነበር። በመጨረሻ ወደ ፓሪስ የተጓዘው ዕቃ ከሦስት ሺህ በላይ ነው። ሌሪስ ስለዚህ ሥራ በየዕለቱ ይጽፍ ነበር፤ ነገር ግን የሚጽፈው የሥራውን ውጤት ብቻ አልነበረም። ያየውን ሕልም፣ የያዘውን ትኩሳት፣ በተሸካሚውና በአስተርጓሚው ላይ የገነፈለውን ቁጣ፣ ያፈረበትንም ነገር ሳይመርጥ በዕለቱ ያሰፍራል። ለዘገባ የሚሆነውንና ለራስ ብቻ የሚጻፈውን አልለየም። ቆይቶ ለደብተሩ ዋጋ የሰጠው ይኸው አለመለየቱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጓዱ ጎንደር ከመድረሱ አሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ መስከረም 6 ቀን 1931፣ ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር ኬሜኒ የተባለች መንደር ደርሶ ነበር። በመንደሯ ኮኖ የሚባል፣ ደም እየተረጨበት የኖረ ቅዱስ ነገር በአንዲት ትንሽ ጎጆ ተጠብቆ ይኖራል። ፈረንሣዮቹ ለማየት ጠየቁ፤ አስቀድሞ መሥዋዕት መቅረብ አለበት ተባሉ። ነገሩ ሲጓተት ግሪዮል ተቆጣና ኮኖውን በአሥር ፍራንክ እንዲያስረክቡ፣ እምቢ ካሉ ፖሊስ እንደሚመጣ አስታወቀ። የመንደሩ ሰው በድንጋጤ ቆሞ ሳለ ሌሪስና አንድ ባልደረባው ገብተው አወጡት፤ በሸራ ጠቅልለውም በመኪና ጫኑት። በማግሥቱ በሌላ መንደር ይኸው ተደገመ።

ሌሪስ ይህን ሁሉ በደብተሩ ጽፎታል። ነጭ ሆኖ በእጁ ቢላዋ የያዘ ሰው በራሱ የሚሰማው መተማመን እንዳስደነቀው፣ አድናቆቱም ወደ መጸየፍ የተለወጠው ጥቂት ቆይቶ መሆኑን ሳይደብቅ መዝግቧል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲል እወዳለሁ። መጸየፉ የሃያ ዓመት ብስለት ያመጣው አይደለም፤ የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነው። ሆኖም የተጸየፈው ሰው ከጓዱ አልተለየም፤ ዕቃውንም አልመለሰም። ጉዞውን ቀጠለ፤ ጎንደርም ደረሰ።

በጎንደርም የዚህ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩት ጥንታዊ ሥዕሎች ተነሥተው በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጓዱ ሠዓሊ የሣላቸው ቅጂዎች ተደረጉ። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ለሠዓሊዎቻችን ይህ ታሪክ አዲስ ባይሆንም፣ ከዋናው ጉዳዬ እንዳልወጣ እዚህ ላይ ልተወው።

ሌሪስ በጎንደር ቆይታው ልቡን የሰጠው ለሥዕሎቹ ሳይሆን ለዛር ነበር። መልካም አያሁ የተባሉ የታወቁ ባለዛር ሴት በቤታቸው የዛር ታማሚዎችን ይሰበስቡ ነበርና፣ ሌሪስ ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ወደዚያ ይመላለስ ጀመር። ቡናው ሲፈላ፣ ከበሮው ሲመታ፣ የዛሩ ፈረስ የሆነችው ሴት በጉሪ ስትንቀጠቀጥና ዛሩ በአንደበቷ ሲፎክር እየተመለከተ ሌሊቱን ያነጋል። ለመሥዋዕት የሚታረደውን በግና ፍየል የሚገዛውም እሱ የሆነበት ጊዜ ነበር። የባለዛሯ ልጅ እማዋይሽ ግጥምና ዘፈን ትነግረዋለች፤ እሱም ከዕውቀት ፍለጋ ያለፈ ስሜት እንዳደረበት ለደብተሩ ይናዘዛል። አንድ ቀን በዛር የተያዙትን ከማጥናት ራሱ ተይዞ ቢሆን እንደሚመርጥ ጻፈ። ይህ የተመልካችነት ምሬት በጎንደር ገጾች ውስጥ እየተመላለሰ ይሰማል፤ በአንዱ ቀን የወዳጅነት ደስታ፣ በማግሥቱ የተታለልሁ ቁጣ። ባለዛሮቹ ስለ እሱ ምን ያስቡ እንደ ነበረ ግን ደብተሩ እምብዛም አይጠይቅም።

ጓዱ በየካቲት 1933 ጉዞውን ጨረሰ። ደብተሩ በ1934 «ምትሃቲቱ አፍሪካ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ፓሪስ ላይ ታተመ። ግሪዮል የጓዱን ገበና አውጥቷል ብሎ ተቀየመው፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ተበላሸ። በ1941 ደግሞ ከናዚዎች ጋር የተባበረው የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን አገደው።

ከዚህ በኋላ ነው ሰውየው የተለወጠው። ለውጡንም ያመጣው ደብተሩን ማንበቡ ሳይሆን ሌላ ጉዞ ነበር። በ1945 ሌሪስ በአይቮሪ ኮስት የሠራተኛ ምልመላ ችግርን ከሚመረምር የመንግሥት ልዑክ ጋር ተላከ። በዚያ የገጠመው ጭንብልና ከበሮ ሳይሆን የግዳጅ ሥራ ነው። በ1948 ወደ አንቲል ደሴቶች ሄዶ ከማርቲኒኩ ባለቅኔ ከኤሜ ሴዜር ጋር ተቀራረበ። በ1950 ባደረገው ንግግር ባህል አጥኚው ቅኝ ገዥ ካሰማራው ሥርዓት ውጭ እንዳልሆነ፣ የሚያጠናውም ሕዝብ የዛሬ ጥያቄ ያለው ሕዝብ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። እንግዲህ በ1951 መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ደብተሩን የከፈተው ይህ ሰው ነበር።

በእጁ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ደብተሩን ማረም ነው፤ ያሳፈረውን መቁረጥ፣ የዘገየውን ዕውቀት ወደ ኋላ መልሶ በ1931 ሰው አፍ ማስገባት። የማስታወሻ ጸሐፊዎች በብዛት የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው፤ የሄዱበትንም ሰው መለየት አያዳግትም። የዕለቱ ማስታወሻ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ካወቀ፣ ጸሐፊው ከጉዳዩ ሁሉ በላይ ሆኖ ከታየ፣ ቁጣና ስሕተት ከጠፋበት፣ ኋላ የገባ እጅ አለበት። ሌሪስ ሌላውን መረጠ። ደብተሩን እንዳለ ተወና አዲሱን ሰው ከበሩ ላይ፣ በመግቢያው አቆመው።

በዚያ መግቢያ ስለ ቀድሞው ራሱ የሚናገረው ጥቂት ነገር ነው፤ ሆኖም ከባድ ነው። አፍሪካ የሄደው ከአውሮጳ ኑሮና ከራሱ ለመሸሽ እንደ ነበረ፣ እዚያም ያገኘው መልሶ ራሱን መሆኑን ይገልጻል። ምትሃት የሆነችበትም አፍሪካ ራሷ ሳትሆን እሱ የተመለከተበት ዓይን ነው። በቅርብ ተቀምጦ መመልከት ብቻውን ሰውን ከሰው እንደማያገናኝ፣ የሚያገናኘው በአንድ ዓላማ አብሮ መቆም እንደሆነም ያምናል።

እኔ በበኩሌ መግቢያውን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። የ1950ው ሰው የ1931ዱን ሲገመግም፣ የቀድሞው ሕልመኛ የአሁኑ ንቁ ነው የሚል ቀጥተኛ መሥመር ያሰምራል። ደብተሩ ግን በዚህ አይስማማም። የኬሜኒን ገጽ የጻፈው ሕልመኛ ነውሩን አይቶታል፤ የጎደለው ማየት አልነበረም። ነውሩን የራሱ የሆድ ሕመም አድርጎ ቆጠረው፤ አመመው፣ ጻፈው፣ አለፈ። በ1950 የተጨመረው ዕውቀት ያ ሕመም የአንድ ሰው እንዳልሆነ፣ አሥር ፍራንኩን የሰጠውና ፖሊሱን ያስጠራው ሥርዓት እንደ ነበረ መረዳቱ ነው። ለውጡ ከስሜት ወደ ምክንያት የተደረገ ጉዞ ነው እንጂ ከዕውርነት ወደ ብርሃን የተደረገ አይደለም። ይህን ልናውቅ የቻልነውም ደብተሩ ስላልታረመ ነው።

በ1958 ሌሪስ ወደ ጎንደር ገጾች ለብቻቸው ተመለሰ። በጎንደር ኢትዮጵያውያን ዘንድ የዛር ልክፍት ስላለው የቴያትር ገጽታ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። የተመለከተው ያንኑ የመልካም አያሁን ቤት ነው። በ1932 የጠየቀው ጥያቄ «እውነት ነው ወይስ ማስመሰል?» የሚል ነበር፤ ማስመሰል በመሰለው ቀን ይናደድ የነበረውም ለዚህ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ጥያቄው ራሱ ስሕተት መሆኑን አየ። ባለዛሯ በየጊዜው የምትለብሳቸው ብዙ ዛሮች እንደ ልብስ ሣጥን ናቸው፤ ጀግናውን፣ ሹሙን፣ ድሀውን እንደ ሁኔታው ታወጣለች። በመድረክ ከሚጫወቱት ቴያትር የተለየ፣ የሚኖሩት ቴያትር አለ ሲል ጻፈ። በዚህ መካከል ያለውን ድንበርም አጥብቆ አልዘጋውም። የቴያትር ሰዎቻችን በዚህ ላይ ብዙ የሚሉት ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ ጎንደሬውም ሊቃወመው መብት አለው።

ያም ሆነ ይህ፣ ወጣቱን ያናደደው ነገር ለሽማግሌው የዕውቀት በር ሆነ። በ1934 መጽሐፍ ውስጥ ግን ቁጣው እንዳለ ተቀምጧል።

ሌሪስ በ1981፣ ሰማንያ ዓመት ሲሞላው፣ ለመጽሐፉ እንደገና መግቢያ ጻፈ። በ1990 ሞተ። በ2018 የአፍሪካን ቅርስ ስለ መመለስ ለፈረንሣይ ፕሬዚዳንት የቀረበው ዘገባ ሲዘጋጅ፣ ከዚያም በ2025 ኬ ብራንሊ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የጉዞውን ታሪክ የሚመረምር ትርኢት ሲያሳይ፣ ዕቃዎቹ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደ ተወሰዱ ከሚመሰክሩት ጽሑፎች ዋነኛው የሌሪስ ደብተር ነበር። ምስክሮቹም መስከረም 6 እና በማግሥቱ የተጻፉት፣ ቢላዋው፣ ሸራውና አሥሩ ፍራንክ የሚገኙባቸው ገጾች ናቸው።