ከስልክ የሚጫኑ ፎቶዎች መዞር፣ መደብዘዝ እና አለመጫን

ከስልክ ወይም ከመተግበሪያ ወደ ድረ ገጽ የሚጫን ፎቶ አንዳንድ ጊዜ ተጋድሞ ይታያል፣ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አልጫን ይላል። ሦስቱ ችግሮች አንድ ቢመስሉም መነሻቸው የተለያየ ነው። መዞር የሚመጣው ከፎቶው ጋር ከተያያዘ የአቅጣጫ ምልክት፣ መደብዘዝ ፒክስል ከማነስ፣ አለመጫን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን ገደብ ወይም ከፎርማት ነው። በኢትዮጵያ ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚያሳየው ጥሩ ምሳሌ የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ ፎቶ ነው። የዲቪ 2026 መመሪያ ፎቶው ጄፔግ፣ አራቱም ጎኑ እኩል፣ ከ600 በ600 ፒክስል የማያንስ፣ ከ1200 በ1200 የማይበልጥ፣ ፋይሉም ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ከአገጭ እስከ አናት ያለው ርዝመት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ ነበረበት። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ካመለከተ ከውድድሩ ስለሚሰረዝ፣ በተበላሸ ፎቶ የተላከን ማመልከቻ በሌላ መተካት አይቻልም።

== መደብዘዝ ==

ሞጣ ያለ አመልካች በስልኩ ፎቶ ተነስቶ፣ ቅጹን ቢቸና ላለ ዘመዱ ለማስሞላት በቴሌግራም ላከው እንበል። ስልኩ ያነሳው ፎቶ 3024 በ4032 ፒክስል ነው። ሰውየው ከወገቡ በላይ ስለተነሳ ጭንቅላቱ የፎቶውን ቁመት አንድ ስድስተኛ ያህል ይዟል፤ ይህም 672 ፒክስል ነው። ጭንቅላቱ 60 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ የሚቆረጠው አራት ማዕዘን 1120 በ1120 ይሆናል፤ ከተፈቀደው ውስጥ ነው።

ቴሌግራም ግን እንደ ተራ ፎቶ የተላከን ምስል በተለምዶ ረጅም ጎኑ 1280 ፒክስል እንዲሆን ያሳንሰዋል። ቢቸና የደረሰው ፎቶ 960 በ1280 ሆኗል። ጭንቅላቱ አሁን 213 ፒክስል ብቻ ነው፤ በዚያው ሒሳብ ሲቆረጥ የሚገኘው 355 በ355 ያህል ነው። ዘመድየው ይህን ወደ 600 ቢያሳድገው ቅጹ ሊቀበለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የተጨመሩት ፒክስሎች በፕሮግራሙ ግምት የተሞሉ ስለሆኑ የቅንድብና የፀጉር ዝርዝር አይመለስም። የደበዘዘው በቁረጣ ወይም በድረ ገጹ ሳይሆን በመላኪያው ላይ ነው። ይህን ለማወቅ የደረሰውን ፋይል ስፋትና ቁመት ማየት ይበቃል፤ ረጅሙ ጎን ልክ 1280 ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

መፍትሔው ፎቶውን በቴሌግራም «እንደ ፋይል» መላክ ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ፎቶ ሳይነካ ይደርሳል። አንዴ ያነሰውን ፎቶ እንደገና እንደ ፋይል መላክ ግን ምንም አይጠቅምም፤ መላክ ያለበት ከካሜራው የወጣው የመጀመሪያው ፎቶ ነው።

== መዞር ==

ስልክ ቆሞ ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ ፒክስሎቹን የሚያስቀምጠው ተጋድመው ነው። ከፎቶው ጋር በሚቀመጠው ኤግዚፍ በሚባል መረጃ ውስጥ ግን Orientation የሚባል ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ 1 ከሆነ ፎቶው እንዳለ ይታያል፤ 3 ከሆነ በግማሽ ዙር፣ 6 ከሆነ በሰዓት አቅጣጫ 90 ዲግሪ፣ 8 ከሆነ በተቃራኒው 90 ዲግሪ ተዙሮ መታየት አለበት። ቁጥሩን የሚያነብ ፕሮግራም ፎቶውን ቀጥ አድርጎ ያሳያል፣ የማያነብ ደግሞ አጋድሞ። በስልክ ቀጥ ያለው ፎቶ በኢንተርኔት ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሚጋደመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዊንዶውስ 7 ፎቶ ማሳያ ለምሳሌ ቁጥሩን አያነብም ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ሰርቨሩ ፎቶውን አሳንሶ አዲስ ፋይል ሲጽፍ ነው። ፒክስሎቹን ሳያዞር ኤግዚፉን ከጣለ፣ ፎቶው ከዚያ በኋላ በሁሉም ቦታ ተጋድሞ ይቀራል። ከመጫን በፊት ቀጥ ብሎ መታየቱ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው። የፋይሉን እውነተኛ ሁኔታ የሚከተለው ትእዛዝ ያሳያል፦

```
exiftool -n -FileType -ImageSize -FileSize -Orientation photo.jpg
```

ውጤቱ 4032 በ3024 እና Orientation 6 ካለ፣ ፎቶው የቆመ መስሎ የሚታየው በምልክቱ ብቻ ነው። ማስተካከያው ፒክስሎቹን ራሳቸውን ማዞር ነው። ከላይ ያለው የሞጣ ፎቶ በኢሜጅማጂክ እንዲህ ይዘጋጃል፦

```
magick photo.jpg -auto-orient -crop 1120x1120+952+700 +repage -resize 600x600 -strip -quality 90 dv.jpg
```

952 ቁረጣውን በፎቶው ስፋት መሃል የሚያደርግ ቁጥር ሲሆን፣ 700 ጭንቅላቱ ባለበት ከፍታ ይለወጣል። -auto-orient ከ -strip መቅደም አለበት፤ ምልክቱ አስቀድሞ ከተሰረዘ የሚዞርበት መረጃ አይኖርም። ትእዛዝ ለማይጠቀም ሰው በስልኩ የፎቶ ማስተካከያ ቆርጦ እንደ አዲስ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

== አለመጫን ==

240 ኪሎባይት ጠባብ ይመስላል፤ ለዚህ ፎቶ ግን ይበቃል። 600 በ600 ፒክስል ሳይታመቅ 1,080,000 ባይት ነው፤ ጄፔግ ከአራት ተኩል እጥፍ በላይ ካሳነሰው ከገደቡ በታች ይገባል፣ ለፊት ፎቶ ደግሞ ይህ ቀላል ነው። ከገደቡ ካለፈ -quality ወደ 80 ዝቅ ይደረጋል። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ጥራቱን እየቀነሰ 12 ሜጋፒክስሉን እንዳለ 240 ኪሎባይት ውስጥ ለማስገባት ይታገላል፤ ፊቱ በካሬ ካሬ እስኪሞላ ቢታመቅም ፎቶው አሁንም ከ1200 ፒክስል በላይ ስለሆነ ተቀባይነት አያገኝም። ቅደም ተከተሉ መቁረጥ፣ ፒክስሉን መቀነስ፣ በመጨረሻ ማመቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፎርማት ነው። አይፎኖች ከ2017 ጀምሮ ፎቶን በHEIC ማስቀመጥ ጀምረዋል። ስሙን ከ.heic ወደ .jpg መለወጥ ፋይሉን ጄፔግ አያደርገውም፤ ሰርቨር የሚመለከተው የፋይሉን መጀመሪያ ባይቶች ነው። የጄፔግ ፋይል በFF D8 FF ይጀምራል፣ HEIC ግን ከአምስተኛው ባይት ftyp የሚል ጽሑፍ አለው። አይፎን ራሱ ከስልኩ ወደ ድረ ገጽ ሲጭን ብዙ ጊዜ ወደ ጄፔግ ስለሚቀይረው፣ ያው ፎቶ በስልክ ሲጫን አልፎ በኬብል ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላ ሊከለከል ይችላል። ይህ ብዙ ሰው ድረ ገጹ የተበላሸ እንዲመስለው ያደርጋል። በስልኩ የካሜራ ቅንብር ፎርማቱን ወደ Most Compatible መቀየር ለሚቀጥሉት ፎቶዎች ይሠራል፤ የቀደሙት ግን መለወጥ አለባቸው።

ኔትወርክም ፎቶን ያስቀራል፤ ምልክቱ ግን ይለያል። በገደብ ወይም በፎርማት የተከለከለ ፋይል ስንት ጊዜ ቢሞከር በአንድ ዓይነት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከመልእክት ጋር ይወድቃል፤ የ413 ስሕተት ከታየ ሰርቨሩ ፋይሉ በዛብኝ እያለ ነው። በኔትወርክ የሚቋረጥ ደግሞ አንዴ በ20፣ አንዴ በ70 በመቶ ላይ ይቆማል።

== ሌሎች ድረ ገጾች ==

ገደቡ እንደየቦታው ይለያያል። በሞጣ አቅራቢያ በአባይ ላይ ያለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባራ ድልድይ አንስቶ ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ለሚጭን ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ የሚፈለገው ያልተቀነሰው ሙሉ ፎቶ ሲሆን፣ ገጹ የOrientation ቁጥርንም አንብቦ ራሱ ያዞራል። HEIC ግን እዚያም አይገባም። ለዲቪ የተዘጋጀውን ዓይነት 600 ፒክስል ፎቶ ወደ ኮመንስ መጫን፣ ወይም የኮመንሱን ሙሉ ፎቶ ለዲቪ ማቅረብ ሁለቱም አይሆንም፤ የመጀመሪያው ፎቶ ሳይነካ መቀመጥ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።