የጌም ኮንሶል መጋልና የፋን ጩኸት

የጌም ኮንሶል ጋለ የሚባለው ዋናው ቺፕ የሚያመነጨው ሙቀት በበቂ ፍጥነት ከሳጥኑ ሳይወጣ ቀርቶ የውስጡ ሙቀት አምራቹ ካስቀመጠው ወሰን ሲያልፍ ነው። የፋን ጩኸት በአብዛኛው ከዚያ ቀድሞ ይሰማል። ብዙ ቅሬታ የተሰማበት በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 እና በ2016 የተከተለው ፕሮ የተባለው ሞዴል በመሆኑ የሚከተለው መግለጫ በዋነኛነት እነዚህን ይመለከታል።

የአየሩ መንገድ

በፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ አየር በጎንና በጎን ባለው ቀጭን ስንጥቅ ይገባል። ፋኑ ይህን አየር ስቦ በቺፑ ላይ በተቀመጠው የሙቀት ማስወገጃ ብረት ስስ ክንፎች መካከል ይገፋዋል፤ አየሩ ከዚያ በኃይል አቅራቢው ክፍል አልፎ በጀርባ ይወጣል። መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ክንፎቹ በአቧራ ሲደፈኑ ኃይል አቅራቢውም አብሮ ይግላል።

ኮንሶሉ ሙቀቱን እየለካ የፋኑን ፍጥነት ይጨምራል። ድምፁ ግን ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በተለመደው የምህንድስና ስሌት የአንድ ፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጩኸቱ 15 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። አነስተኛ የሙቀት ለውጥ በጆሮ ትልቅ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ፋኑ ከቻለው በላይ ሲሆንበት ኮንሶሉ መጋሉን በስክሪን አሳውቆ እንዲጠፋ ይጠይቃል።

ጩኸት ሁሉ ብልሽት አይደለም። «ሆራይዘን ዜሮ ዶውን» በተባለው ጌም ውስጥ ካርታው ሲከፈት ፋኑ ከውጊያው ጊዜ ይልቅ እንደሚጮህ ብዙ ተጫዋቾች አስተውለዋል። በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ቀላል ምስል ሲመጣ ቺፑ በሴኮንድ የሚስላቸው ምስሎች ብዛት ያለ ገደብ ይጨምራል የሚል ነው። እንደ ነፋስ የሚያፏጭ ድምፅ የፍጥነት ምልክት ሲሆን፣ መፈጨት ወይም መንቋቋት ግን የፋኑ ኩሽኔታ ማለቁን ወይም ሽቦ ክንፉን መንካቱን ይጠቁማል።

ቡፌ ውስጥ ማስቀመጥ

ከአቧራ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ምክንያት ኮንሶሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ችግሩ የቦታ ጥበት ብቻ ሳይሆን ኮንሶሉ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ መሳቡ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 መመሪያ መሣሪያው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራ ያዛል። ይህ ቁጥር የሚመለከተው ኮንሶሉ የሚስበውን አየር ነው፤ ሳሎኑ 22 ዲግሪ ሆኖ የቡፌው ውስጥ ከ35 ሊያልፍ ይችላል።

ለምሳሌ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀትና 25 ቁመት ያለው፣ በሩ የተዘጋ የቡፌ ክፍል 60 ሊትር አየር ይይዛል። ከባድ ጌም ላይ ያለ ፕሮ ወደ 150 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ 60 ሊትር አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ከ60 ጁል ያነሰ ይበቃል፤ ኮንሶሉ ግን በየሴኮንዱ 150 ጁል ይለቃል። በእርግጥ እንጨቱ ሙቀቱን ስለሚመጥ ጭማሪው በዚህ ፍጥነት አይሄድም፤ አየሩ ግን ለመጠባበቂያ የሚሆን አቅም እንደሌለው ከዚህ ይታያል።

ከኮንሶሉ የሚወጣው አየር ከገባው በ15 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከተፈለገ በሴኮንድ ወደ 10 ሊትር ተኩል አየር መተላለፍ አለበት። በባሕር ወለል ላይ ከ8 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ይበቃ ነበር። ልዩነቱ የመጣው በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ነው፤ እኩል መጠን ያለው አየር የሚሸከመው ሙቀት በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን በከፊል ይክሳል፤ በተዘጋ ቡፌ ውስጥ ግን የደጋው ብርድ አይደርስም። አሁን ለገመድ በተበሳ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ ክብ ቀዳዳ ያን ያህል አየር ይውጣ ቢባል በሴኮንድ ወደ 4 ሜትር ፍጥነት መሄድ ይኖርበታል፤ ትኩስ አየር ግን በራሱ ሲወጣ ከዚህ እጅግ ቀርፋፋ ነው። በዚያ ላይ ለሚገባው አየር ሌላ በር ያስፈልጋል።

ስለዚህ የገመዱን ቀዳዳ ማስፋት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የጀርባውን ኮምፔንሳቶ አንሥቶ ቡፌውን ከግድግዳ ማራቅ፣ አለበለዚያ ኮንሶሉን ከቡፌው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ለኮንሶሎች የሚሰጠው የተለመደ ምክር በዙሪያቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ መተው ነው። ከቡፌው ላይ የወጣ ኮንሶል ዳንቴል ከለበሰ ግን ስንጥቆቹ ስለሚሸፈኑ ችግሩ ይመለሳል።

ጥፋቱ የቦታው ይሁን የአቧራው ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ኮንሶሉ ክፍት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ቀድሞ ያስጮኸው ጌም በዚያው ደረጃ ለግማሽ ሰዓት ይከፈታል። ጩኸቱ ጉልህ ከቀነሰ ጥፋቱ የቡፌው ነው። ካልቀነሰ መጽዳት አለበት።

አቧራ ማጽዳት

ከውጭ የሚታየው አቧራ አሳሳቢ አይደለም። መንገዱን የሚዘጋው በፋኑና በክንፎቹ መግቢያ መካከል የሚከማቸው፣ እንደ ስስ ብርድ ልብስ የተደራረበው ነው። ከጀርባ ሲነፋ የተወሰነው ይወጣል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቀመጣል። ሥራው በትክክል የሚሠራው መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ተስማሚ ካቻቢቴ ተገኝቶ ክዳኑ ሲከፈት ነው። ኃይል አቅራቢው ክፍል ራሱ አይከፈትም፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

በሚነፋበት ጊዜ የፋኑ ክንፍ በጣት ወይም በእንጨት መያዝ አለበት፤ በንፋስ ኃይል ያለ ልክ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ርካሽ አማራጭ ቢመስልም ግፊቱ ከፍተኛ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከታንከሩ ውኃ ይዞ ይወጣል። የቤት ቫኪዩም ክሊነር ደግሞ ቺፕ የሚጎዳ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ሊፈጥር ስለሚችል ወደ ቦርዱ ባይጠጋ ይመረጣል።

ከጽዳት በኋላም ጩኸቱ ከቀጠለ በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል።

አከራካሪው የቀይ መብራት ጉዳይ

የመጋል ጉዳት ሲነሣ በኅዳር 2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ሳይጠቀስ አይታለፍም። በማብሪያው ዙሪያ ካሉት አራት መብራቶች ሦስቱ ቀይ ሲሆኑ ኮንሶሉ አይሠራም ነበር። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 ለዚህ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዝግቧል።

ስለ መነሻው ለዓመታት የተሰራጨው ማብራሪያ በቺፑና በቦርዱ መካከል ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል የሚል ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስ ያለበት ብየዳ ስለተከለከለ፣ አምራቾች ገና ያልለመዱት እርሳስ አልባ ብየዳ ተጠያቂ ተደረገ። ብረቱን የሚይዘው የ«ኤክስ» ቅርጽ ያለው መቆንጠጫም ቦርዱን ያጎብጣል ተባለ። ኮንሶሉን በፎጣ ጠቅልለው ያጋሉ ሰዎች ለጥቂት ቀናት ሲሠራላቸው ይህን እንደ ማስረጃ ወሰዱት። ሆኖም በ2021 በወጣው የኩባንያው ዘጋቢ ፊልም መሐንዲሶቹ የተናገሩት ሌላ ነው፦ የተሰበሩት በቺፑ ጥቅል ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማያያዣዎች ናቸው፤ የሰበራቸውም ኮንሶሉ በበራና በጠፋ ቁጥር የሚፈጠረው መሞቅና መቀዝቀዝ ነው። የፎጣው ዘዴ ሁለቱን ማብራሪያዎች መለየት አይችልም፤ የተሰበረ ግንኙነት የትም ይሁን የት ሲሞቅ ለጊዜው ሊገናኝ ይችላልና።

በኋላ የመጡ ሞዴሎች

በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ትልቅ ፋንና አቧራ የሚጠራቀምባቸው፣ ከውጭ ክዳኑን አንሥቶ በቫኪዩም የሚመጠጥባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። በቺፑ ላይ ያለው በፔስት ፋንታ ፈሳሽ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብረቱን ነቅሎ ማጽዳት ለልምድ የለሽ እጅ አይመከርም። የአየር መንገዱ አሠራር ቢለያይም ስለ ቡፌ የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ ከባድ ጌም ላይ የሚወስደው ኃይል 200 ዋት ገደማ ይደርሳል።