መደበኛ ነፃ ኃይልና የሚዛን ቋሚ

አንድ አጸግብሮት ሚዛን ላይ ሲደርስ ምን ያህል ውጤት እንደሚኖር የሚነግረን ቋሚ K፣ ከመደበኛው የነፃ ኃይል ለውጥ ጋር በ ΔG° = −RT ln K ይያያዛል። ጥሩ ማሳያው የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ነው። አሪ ሃገን-ስሚት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ጭጋጉ የሚፈጠረው የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት ፀሐይ ሲመታቸው ነው።

የኦክሳይዶቹ መነሻ N₂ + O₂ ⇌ 2NO ነው። በ298 ኬልቪን ΔG° 173.2 ኪሎ ጁል ስለሆነ ln K = −69.9፣ K ደግሞ 4×10⁻³¹ ገደማ ይሆናል። የሎስ አንጀለስ ጎዳና አየር ብቻውን NO አይወጣውም ማለት ነው። በመኪናው ሞተር ውስጥ፣ በ2000 ኬልቪን፣ ነገሩ ይለወጣል። ΔH° (180.5 ኪሎ ጁል) ከሙቀት ጋር ብዙም አይቀየርም ብለን እንነሳ፦

ln(K₂/K₁) = (ΔH°/R)(1/T₁ − 1/T₂) ≈ 62.0

ስለዚህ ln K₂ = −7.9፣ K₂ ≈ 4×10⁻⁴። ጭሱ ሲቀዘቅዝ NO ተመልሶ መበተን ነበረበት፤ ነገር ግን አጸግብሮቱ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ ይተርፋል። ስለ ፍጥነት ቀመሩ ምንም አይልም።

የተለመደው ስህተት ኪሎ ጁልን ወደ ጁል ሳይቀይሩ በ8.314 ማካፈል ነው። ያኔ በ298 ኬልቪን K 0.93 ይወጣል፤ ይህ እውነት ቢሆን የምንተነፍሰው አየር ሚዛን ላይ ሲደርስ በNO በተሞላ ነበር።