ቻርጅ የያዘ የሳሙና አረፋ፦ የግፊት እኩልነት ወይስ የቅርጽ መፍረስ?

ቻርጅ የያዘ አስተላላፊ ገጹ ወደ ውጭ የሚገፋበት ግፊት ε₀E²/2 መሆኑ አያከራክርም። መስኩ ከገጹ ውጭ E፣ ከውስጥ ዜሮ ነው። ገጹ ጥቂት ሲሰፋ የሚሸፍነው ቀጭን የአየር ንጣፍ መስኩን ያጣል፤ በንጣፉ የነበረው የመስክ ኢነርጂ ገጹን በመግፋት ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ የኢነርጂው እፍጋት ራሱ ግፊቱ ነው።

ክርክሬ ከዚህ በኋላ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ይህንን ወደ ሳሙና አረፋ ወስደው፣ የውስጡና የውጩ አየር ግፊት በምን ያህል ቻርጅ እኩል እንደሚሆን ይጠይቃሉ። አረፋው ሁለት ገጽ ስላለው የገጽ ውጥረቱ የሚፈጥረው ትርፍ ግፊት 4γ/R ነው፤ ከኤሌክትሪኩ ግፊት ጋር ሲያስተካክሉት Q² = 128π²ε₀γR³ ያገኛሉ። ስሌቱ ትክክል ነው። ስህተቱ አረፋው በዚያ ነጥብ ላይ ክብ ሆኖ ጸንቶ ይቆያል ብሎ ማሰብ ነው።

ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1882 ቻርጅ ስለያዘ የፈሳሽ ጠብታ ሲጽፍ የጠየቀው ስለ ቅርጽ ነበር። ሉሉ ጥቂት ሲረዝም ቻርጁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሳባል፣ በዚያም መስኩ ይበረታል፤ ግፊቱ ከመስኩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጫፎቹ ይበልጥ ይገፋሉ። ውጥረቱ ይህንን መመለስ የሚያቅተው Q² = 64π²ε₀γR³ ሲደርስ ነው። ለአረፋ በγ ፈንታ 2γ ይግባ፤ ውጤቱ 128 ይሆናል። የመጻሕፍቱ የእኩልነት ነጥብ የሬይሊ ድንበር ራሱ ነው ማለት ነው።

ሬዲየሱ 2 ሴንቲሜትር፣ ውጥረቱ 0.025 ኒውተን በሜትር የሆነ አረፋ እንውሰድ። ትርፍ ግፊቱ 5 ፓስካል ነው። ይህን ለማጥፋት በሜትር 1.06 ሚሊዮን ቮልት ገደማ የሆነ መስክ፣ ማለትም 47 ናኖኩሎምብ ያህል ቻርጅና 21 ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ዝግ በሆነ አረፋ ውስጥ ያለው አየር ግን 100,000 ፓስካል ያህል ግፊት አለው፤ ከዚያ 5 ፓስካል ሲቀነስ ሬዲየሱ የሚጨምረው በማይክሮሜትር አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ዓይን መነፋቱን አያይም፤ የሚታየው መርዘሙ ነው።

አረፋው ለከባቢ አየር ክፍት በሆነ ቱቦ ጫፍ ላይ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። አየር በነጻ ስለሚገባና ስለሚወጣ አረፋው ትርፍ ግፊቱ ዜሮ ወደሚሆንበት ሬዲየስ ይሄዳል፤ ይህም ሁልጊዜ ድንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። የኤሌክትሪኩ ግፊት ከ1/R⁴ ጋር ስለሚቀንስ የሬዲየስ ለውጥን ብቻ የሚፈትሽ ሰው አረፋው የጸና ይመስለዋል።

«ከዚያ በፊት አየሩ ቻርጁን ያፈሳል» የሚለው ተቃውሞ የሚሠራው ሬዲየሳቸው ከ2.5 ሚሊሜትር ለሚያንስ አረፋዎች ነው፤ የአየሩ አቅም በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ነውና። ቱቦው የአረፋውን ክብነት ስለሚያዛባ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ የቅርጹ ክርክር ግን በዚህ አይነካም። ስለዚህ በሙከራ መለካት ያለበት የአረፋው ርዝመት ከወርዱ ጋር ያለው ንጽጽር እንጂ ሬዲየሱ አይደለም።