ገመዱን መሳብ የተፈቀደበት መስመር፦ የፍሪሞንት ፋብሪካ ታሪክ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ ጀነራል ሞተርስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመኪና መገጣጠሚያ ከፍቶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካው በጥራትም በሥራ ሰላምም ስሙ የከፋ ነበርና በ1982 ተዘጋ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ቶዮታና ጀነራል ሞተርስ በሽርክና «ኑሚ» በሚል ስም እንደገና ከፈቱት። ሠራተኞቹስ? አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ነበሩ።

ነገሩ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ፋብሪካዎችን ሲያወዳድሩ፣ ፍራሚንግሃም በሚገኘው የጀነራል ሞተርስ ፋብሪካ በ100 መኪና 130 ገደማ የመገጣጠም ጉድለት አገኙ። ጃፓን ባለው የቶዮታ ታካኦካ ፋብሪካ ቁጥሩ 45 ነበር። ኑሚስ? እሱም 45። ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? መልሱን ለማግኘት አንዲት መኪና በመስመሩ ላይ ስትሄድ እንከተላት።

መጀመሪያ ቦዲው ይበየዳል። ተቆርጠውና ተጨፍልቀው ቅርጽ የያዙ ላሜራዎች መያዣ ላይ ይታሰራሉ፤ ከዚያ በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚሠራው ላሜራዎቹን በሁለት የመዳብ ጫፎች ጨምቆ፣ ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ እስከ 10,000 አምፔር የሚደርስ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ ነው። ብረቱ በመካከላቸው ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ አንድ ይሆናል። ችግሩ የመዳቡ ጫፍ ሲደጋገም እየተደፈጠጠ ይሰፋል። ያው ኤሌክትሪክ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ሲበተን ሙቀቱ ይቀንስና ብየዳው ይደክማል። ከላይ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል! ስለዚህ ጫፉ በየጊዜው ይሞረዳል፤ አልፎ አልፎም አንድ ቦዲ ተመርጦ ነጥቦቹ በመሮ እየተፈለቀቁ ይፈተናሉ። ጥሩ ብየዳ ሲላቀቅ ከአንዱ ላሜራ ላይ ቁራጭ ብረት ይዞ ይወጣል፤ ደካማው ግን እንደ ሙጫ ንጹሕ ሆኖ ይለያል።

ቀጥሎ ቀለም ይመጣል። ቦዲው ታጥቦ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ በኤሌክትሪክ ኃይልም ፀረ ዝገት ቀለሙ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ድረስ ገብቶ ይለጠፋል። ከዚያ 180 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ምድጃ ይጋገራል፤ መጋጠሚያዎቹ ውሃ እንዳያስገቡ በማሸጊያ ይደፈናሉ፤ የላይኛው ቀለምም ይረጫል። ቀለም ከሽቦና ከዳሽቦርድ በፊት የሚቀድመው ለዚህ ነው፤ ፕላስቲክ ያንን ምድጃ አይችለውም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የገጠማ መስመር ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ሥራው እንዲመች በሮቹ መጀመሪያ ይወልቃሉ። ሽቦው ይዘረጋል፣ ዳሽቦርዱ ይገባል፣ መስታወቱ ይለጠፋል፤ ከታች ሞተሩና ካምቢዮው ከቦዲው ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ ምንጣፍ፣ ወንበርና ጎማ ይከተላሉ። መስመሩ አይቆምም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ደቂቃ ያህል አለው።

የፍሪሞንት ታሪክ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። እንበል አንድ ሠራተኛ የደህንነት ቀበቶ ቡሎን ሲያስር ቡሎኑ ጠምዘዝ ብሎ ገባ። ምክንያቱ ቀለም ክፍል ነው፤ የቡሎኑ ቀዳዳ በመሸፈኛ ሳይደፈን ቀርቶ ጥርሱ ውስጥ ቀለም ደርቋል። በድሮው ፋብሪካ መስመሩን ማስቆም ለተራ ሠራተኛ የማይታሰብ ነበር። ቁም ነገሩ መኪናዋ ማለፏ ብቻ ነው፤ ጉድለቱን መጨረሻ ላይ የጥገና ክፍል ያየዋል። እስከዚያ ግን ቡሎኑ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ወንበር ይታሰራል። የአንድ ደቂቃ ሥራ የነበረው ነገር ወንበር ማንሳት፣ ምንጣፍ መግለጥና ጥርስ እንደገና ማውጣት ይሆናል። ይባስ ብሎ ቀዳዳው ያልተሸፈነው በአንዷ መኪና ብቻ ላይሆን ይችላል። በደቂቃ አንድ መኪና የሚያልፍ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲታወቅ 120 መኪና በዚያው ቀዳዳ አልፏል ማለት ነው።

በኑሚ ግን ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። ሲስበው መብራት ይበራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፤ የቡድን መሪው ይመጣል። መስመሩ ወዲያው ቀጥ አይልም። መኪናዋ ወለሉ ላይ የተወሰነላት ምልክት እስክትደርስ ድረስ መንቀሳቀሷን ትቀጥላለች። ችግሩ እስከዚያ ከተፈታ ገመዱ ዳግም ይሳባል፤ ማንም አልተስተጓጎለም። ካልተፈታ ግን መስመሩ ይቆማል፤ ቀለም ክፍልም ይነገረዋል። ሠራተኞቹ ይህን የተማሩት በወረቀት ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ታካኦካ ድረስ ተልከው ከጃፓን ሠራተኞች ጎን ቆመው አይተውታል።

ሐሳቡ ከመኪና ይቀድማል። የቶዮታ መሥራች ቤተሰብ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር። ሸማኔ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ክር ተበጥሶ ከቀጠልክ ሥራህ በበዛ ቁጥር የተበላሸው ጨርቅ ይበዛል።

በመጨረሻ መኪናዋ በራሷ ሞተር ተነስታ ወደ ፍተሻ ትሄዳለች። የጎማዎቹ አቅጣጫና የፊት መብራቷ ይስተካከላሉ፤ ሮለር ላይ ወጥታ ፍሬኗ ይለካል፤ ውሃ በኃይል በሚረጭበት ክፍል ታልፍና ውስጧ መርጠቡ ይታያል። ይህ ፍተሻ አስፈላጊ ነው፤ ግን የሚያየው ውጤቱን ነው እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ምንጣፉ ከረጠበ ውሃ መግባቱን ያውቃል። በየትኛው መጋጠሚያ እንደገባ ለማወቅ ግን የተገጠመውን መልሶ መፍታት የግድ ነው።

ገመዱም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ዓይንና እጅ የማይደርሱበትን የደከመ ብየዳ ማንም ገመድ ስቦ አይይዘውም፤ ለእሱ መሮው ያስፈልጋል። ደግሞም ገመድ መስቀል ብቻውን ፋብሪካ አይለውጥም። ጀነራል ሞተርስ የኑሚን የቡድን አሠራር እዚያው ካሊፎርኒያ ባለው በቫን ናይስ ፋብሪካው ሞክሮት ነበር። ሠራተኞች ተከፋፈሉበት፤ ብዙዎች አለቆቻቸውን አላመኑም፤ ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ። ገመዱን የሳበ ሰው «ለምን አስቆምክ?» ተብሎ የሚቆጣበት ቦታ ከሆነ፣ ገመዱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ኑሚም በ2010 ሥራውን አቆመ፤ ሕንፃው ውስጥ ዛሬ ቴስላ መኪና ይሠራል። የብየዳ፣ የቀለም፣ የገጠማና የፍተሻ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው። በእያንዳንዱ ፋብሪካ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም አልተለወጠም፦ ጉድለቱን መጀመሪያ ያየው ሰው ምን ማድረግ ተፈቅዶለታል?