የሮማ ግንበኞች ነጫጭ ኖራ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻ መቶ ዓመታት ሮማውያን ግንበኞች በናፖሊ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በፖትስዎሊ አካባቢ የሚቆፈረውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ወደብ፣ መታጠቢያ ቤትና ቤተ መቅደስ ይሠሩበት ነበር። ኖራና አሸዋ ብቻ ሲደባለቁ የሚጠነክሩት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳቡ ስለሆነ ባሕር ውስጥ አይይዙም። አመዱ ግን በውስጡ ያለው ሲሊካና አሉሚና ከኖራው ጋር ተዋሕዶ አጣባቂ ማዕድን ስለሚፈጥር ውሃ ውስጥም ይጠነክራል። ታላቁ ሄሮድስ በቂሳርያ ወደብ ሲያሠራ አመዱ ከጣሊያን ድረስ በመርከብ ተጭኖ የመጣውም ለዚሁ ነው።

አሠራሩን በጽሑፍ የተወው አርክቴክቱ ቪትሩቪየስ ነው። ለባሕር ሥራ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት እጅ አመድ እንዲሆን ይመክራል። ኖራውም ከአሸዋ ጋር የሚደባለቀው አስቀድሞ በውሃ ከበረደ በኋላ እንደሆነ ጽፏል። ለረጅም ጊዜ የቪትሩቪየስ ቃል እንደ መጨረሻ ቃል ተቆጥሯል።

አንድ ነገር ግን ከቃሉ ጋር አልገጥም አለ። የሮማ ኮንክሪት ሲሰበር በስብራቱ ላይ ነጫጭ የኖራ እብጠቶች ይታያሉ፤ አብዛኞቹ ጥቃቅን ናቸው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን የቸልተኛ ሠራተኛ ሥራ፣ ያልተዳረሰ ድብልቅ አድርገው አለፉት። ለሌላው ዝርዝር ሁሉ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ግንበኛ ኖራ ማማሰል ላይ ብቻ፣ ያውም በየአገሩና በየዘመኑ፣ ይሰንፋል ማለት ግን አያሳምንም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአድሚር ማሲች የሚመራ ቡድን ከሮም በስተ ደቡብ ከምትገኘው ከጥንታዊቷ ፕሪቨርኑም ግንብ የተወሰደ ናሙና መርምሮ ሌላ መልስ አቀረበ። እንደ ቡድኑ ከሆነ ኖራው ከአመዱ ጋር የተደባለቀው ገና ውሃ ሳይነካው፣ በትኩሱ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ድብልቁ በኃይል ይግላል፤ ሙቀቱም መጠንከሩን ያፋጥናል። ያልሟሟው የኖራ ክፍልም እብጠት ሆኖ በውስጡ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ግንቡ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በቀላሉ በሚፈረካከሱት እብጠቶች በኩል ያልፋል። የዝናብ ውሃ ሲገባ ኖራውን ያሟሟል፤ ሟሙው ተመልሶ ካልሳይት ሆኖ ይረጋና ስንጥቁን ይዘጋዋል። ቡድኑ በዚሁ ዘዴ የሠራውን ኮንክሪት ሆን ብሎ ሰንጥቆ ውሃ ሲያሳልፍበት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍሰቱ ቆመ። ኖራው በትኩሱ ያልገባበት አቻው ግን ማፍሰሱን አላቆመም።

ክርክሩን ይበልጥ ያቀለለችው ፖምፔ ናት። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ሲፈነዳ እየታደሰ የነበረ አንድ ቤት ከነመሣሪያውና ከነቁሳቁሱ ተቀብሮ ቀርቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሲቆፈር ውሃ ያልነካው ኖራ ከአመድ ጋር በደረቁ ተደባልቆ ተቆልሎ ተገኘ። ቪትሩቪየስ የጻፈው ከዚህ ፍንዳታ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ስለሆነ የእሱ ምክር በሥራ ላይ አልዋለም ማለት አይደለም። ቢያንስ በፖምፔ ግን ግንበኛው ሌላ መንገድ ይዞ ነበር።

የባሕሩ ግንብ ዕድሜ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ማሪ ጃክሰንና ባልደረቦቿ ከጥንታዊ ወደቦች በወሰዷቸው ናሙናዎች እንዳሳዩት፣ በግንቡ ውስጥ የሚሰርገው የባሕር ውሃ አመዱን እያሟሟ ቶበርሞራይትና ፊሊፕሳይት የተባሉ ማዕድናት እንዲያድጉበት ያደርጋል።

የዛሬውን ኮንክሪት የባሕር ውሃ በተቃራኒው ይጎዳዋል። ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 የፈጠራ መብት ያገኘበት የፖርትላንድ ሲሚንቶ ዘመናዊ ዝርያ በ1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚጋገር ሲሆን፣ ኖራ ግን 900 ገደማ ይበቃዋል። ሲሚንቶው ቶሎ ይይዛል፤ ከሮማውያኑም ኮንክሪት ብዙ እጥፍ ጭነት ይችላል። ነገር ግን ሲሳብና ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ ፌሮ ይገባበታል። ጨው ፌሮው ጋ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚወስድ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ምልክቱ በፌሮው መስመር የሚሄድ ስንጥቅና ቡናማ ዝገት ነው፤ በመዶሻ ሲመታም ባዶ ድምፅ ያሰማል።

ሮማውያን ይህን አላዩም፤ ብረት አላስገቡበትምና። ዋጋውን የከፈሉት በውፍረት ነው። 43 ሜትር ስፋት ያለው የፓንቴዮን ጉልላት ከታች ስድስት ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሞልቷል። ፎቅ በቀጭን ምሰሶና ወለል ለማቆም ይህ ኮንክሪት አይሆንም።

አመዱ ራሱ ግን ከሥራ አልወጣም። በኢትዮጵያ ገበያ ፒፒሲ ተብሎ የሚሸጠው ሲሚንቶ ከፖርትላንድ ክሊንከር ጋር እንደ ፐሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ቁስ የሚፈጭበት ነው። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ከተራው ሲሚንቶ ይዘገያል፤ ስለዚህ ውሃ እየጠጣ የሚቆይበትን ቀን ማሳጠር አይገባም።